«ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም»፦ በሎጊያ ሙቀትና አቧራ የአንድ ሞተር ሳይክል ዘይትና ግራሶ

ጉዳዩ የአንድ 150 ሲሲ ሞተር ሳይክል ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ከከተማ እስከ ገጠር በየመንገዱ የምናየው ዓይነት ነው። ደሴ ላይ ሰው ሲያመላልስ ቆይቶ ባለቤቱ ይዞት ወደ ሎጊያ ወረደ። እዚያ ሥራው ተለወጠ፤ ባለ 20 ሊትር የውሃ ጀሪካን አራት እየጫነ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ውስጥ በአሸዋማ መንገድ ማመላለስ ጀመረ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ሎጊያና ጎረቤቷ ሰመራ ግን ከባሕር ወለል 400 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚርቁት፤ በሞቃቱ ወራት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪን አልፎ ይውላል።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ሦስት ችግር ተከታትሎ መጣ። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱ ግን አይጨምርም። ዘይት በየሳምንቱ እየጎደለ ይጨመርበታል። መሪው ደግሞ ሲዞር መሐል ላይ እንቅ እያደረገ የሚይዝ ሆነ። ባለቤቱ ጋራዥ ይዞት ሲመጣ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም። ሙቀቱ ዘይቱን አቅጥኖት ነው፤ ወፍራም ዘይት ልሙላበት?» አለ። መካኒኩ መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠየቀው ሌላ ነገር ነው፤ «አሁን ውስጡ ያለውን ዘይት ከየት አመጣኸው?»

ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው። ዘይቱ ከዘመድ መኪና የተረፈ ነበር፤ 5W-30 የሚል፣ ለአዲስ የቤንዚን መኪና የተሠራ፣ በዋጋም ውድ የሚባል ዘይት። ለመኪናው እጅግ ጥሩ ነው። ለዚህ ሞተር ሳይክል ግን በሁለት በኩል አይሆንም፤ ሁለቱን ምክንያቶች ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይወስዳቸዋልና።

ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ነው ያለው

የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ የሞተር ዘይት አይነካውም። የዚህ ዓይነት ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን ዲስኮዎቹ በሞተሩ ዘይት ተነክረው ነው የሚሠሩት። ካምቢዮውም የሚጠጣው ያንኑ ዘይት ነው። አንድ ሊትር ከጥቂት የሆነች ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች።

የዘመኑ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ይጨመርበታል። ፒስተንና ሲሊንደር መሐል ሰበቃ ሲቀንስ ጥቅም ነው። ፍሪሲዮን ግን ኃይልን የሚያስተላልፈው በሰበቃ ነው። ቅመሙ በዲስኮው ላይ ሲለጠፍ ዲስኮው መያዝ ትቶ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይግላል፤ ሲግል ፊቱ እየተጠበሰ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ከዚያ ወዲያ የበለጠ ይንሸራተታል። ደሴ ላይ ይህ ሳይታወቅ የቆየው አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጭነቱም አንድ ሰው ስለነበረ ነው። ሎጊያ ላይ 80 ኪሎ ውሃና አሸዋ ሲጨመርበት ቀድሞም የነበረው ድክመት ወጣ።

ስለዚህ ለሞተር ሳይክል ዘይት ስንገዛ በመጀመሪያ የምናየው ቁጥሩን ሳይሆን የጃሶን ምልክት ነው። ጃሶ የጃፓን የአውቶሞቢል ደረጃ አውጪ ነው፤ ከ1998 ጀምሮ ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ዘይትን በሰበቃው ይመድባል። በዕቃው ጀርባ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ MA፣ MA1 ወይም MA2 የሚል ይጻፋል፤ ከእነዚህ ለፍሪሲዮን በይበልጥ የሚይዘው MA2 ነው። MB የሚል ከሆነ ሰበቃው አነስተኛ ነው፤ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆኑ ስኩተሮች ይሆናል እንጂ ለዚህ አይሆንም። የአሜሪካው የነዳጅ ተቋም የኤፒአይ ክብ ማኅተምም ይረዳል። በላይኛው ግማሽ የጥራት ፊደል፣ መሐል ላይ የውፍረት ቁጥር አለ። የታችኛው ግማሽ ላይ Energy Conserving ወይም Resource Conserving የሚል ጽሑፍ ካለበት ዘይቱ ነዳጅ ቆጣቢ ነው ማለት ነው፤ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን አይሞላም።

ቁጥሩስ?

5W-30 ላይ ከ W በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። ይህ ብርድ ስንል ከዜሮ በታች ያለውን ነው። የ20W ዘይት የብርድ ፈተና የሚደረገው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ለሎጊያ ቀርቶ ለደብረ ብርሃን ንጋትም ቢሆን 20W በቂ ነው፤ ለ5W ተጨማሪ ገንዘብ የምንከፍልበት ምክንያት የለም።

ዋናው ሁለተኛው ቁጥር ነው። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል፤ ለ30 ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ፣ ለ50 ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ነው። አሁን በአየር ስለሚቀዘቅዝ ሞተር እናስብ። ውሃና ራዲያተር የለውም፤ ሙቀቱን የሚሰጠው ለሚነፍሰው አየር ነው። አየሩ ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ከወጣ፣ በተመሳሳይ ፍጥነትና ጭነት የዘይቱም ሙቀት በዚያው ልክ ገደማ ከፍ ይላል። አሸዋ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ሲሄድ ደግሞ የሚነፍስበት አየር ያንሳል፤ ዘይቱ 130 ዲግሪ ቢደርስ የሚያስገርም አይደለም። በዚያ ሙቀት 20W-50 የሚኖረው ውፍረት 5W-30 በ105 እና በ110 ዲግሪ መካከል ከሚኖረው ጋር ይቀራረባል። በሌላ አነጋገር ወፍራሙን መምረጥ ሎጊያ ከደሴ የጨመረችብንን ሙቀት ያካክሳል።

የካምቢዮው ጉዳይም እዚህ ይገባል። ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት ሲሞቅ በጣም እንዳይቀጥን ረጃጅም ሞለኪውል ያላቸው ቅመሞች አሉበት። የማርሽ ጥርሶች እነዚህን እየቆራረጡ ያሳጥሯቸዋል፤ ዘይቱ ኪሎሜትር በሄደ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን ዘይቱ የሚፈልገው ቅመም ይበዛል። ስለዚህ 20W-50 ከ5W-50 ይልቅ ውፍረቱን ጠብቆ የመቆየት ዕድሉ የተሻለ ነው፤ በርካሽ ዋጋ።

«እንግዲያው ከ50 በላይ ብወፍርስ?» የሚለው ግን ስሕተት ነው። ከመጠን ያለፈ ወፍራም ዘይት ጠዋት ሲነሳ ወደ ባልቦላዎቹ እስኪደርስ ይዘገያል፤ በራሱ ውስጣዊ ሰበቃም ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል። የካምቢዮ ዘይት የሆነውን 90 ቀላቅሎ መሙላት ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ቁጥሩ በሌላ መለኪያ የተሰጠ ነው፣ ቅመሙም ለፍሪሲዮን ዲስኮ አልተሠራም።

ባለቤቱ በመሐል አንድ ጥሩ ጥያቄ አነሳ፤ አጎቱ አሮጌ ቶዮታ ላይ የሚሞሉትን 15W-40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ቢጠቀምስ? አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው አያንሸራትትም፤ ግን ዕቃው ላይ የጃሶ ምልክት ከሌለው ማንም ዋስትና አልሰጠውም። ለአሮጌዋ መኪና ግን ትክክለኛ ምርጫ ነው። ፍሪሲዮኗ ደረቅ ነው፤ የባልቦላ መግፊያዎቿም በካምሻፍቱ ላይ ተፋትገው የሚሠሩ ከሆኑ ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት መከላከያ ቅመም ይፈልጋሉ። የአዲስ መኪና ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ፎስፈረሱ 0.08 በመቶ ላይ ተገድቧል፤ CI-4 የሚል የጥራት ፊደል ያለበት የናፍጣ ዘይት ላይ በአብዛኛው ከዚያ ከፍ ይላል። መኪናዋ በደንብ ሞቃ ቆማ ስትሠራ የዘይት መብራቷ ብልጭ ብልጭ ካላለ 15W-40 ይበቃታል። ካለ ደግሞ መጀመሪያ ግፊቱ በመለኪያ ይታይ፤ ያረጀ ሞተር ከሆነ 20W-50 ይሞላ።

ያልተሳካው የመጀመሪያ ሙከራ

ዘይቱን ከመቀየር በፊት የፍሪሲዮኑ ገመድ ታየ። እጀታው ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል በባዶ መንቀሳቀስ አለበት። ምንም ባዶ እንቅስቃሴ ከሌለው ገመዱ ራሱ ፍሪሲዮኑን በከፊል ከፍቶ ይይዘዋል፤ ማንኛውም ዘይት ቢሞላ ይንሸራተታል። እዚህ 15 ሚሊሜትር ነበር፤ ገመዱ ነጻ ወጣ።

ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሠርቶ ከሞቀ በኋላ ዘይቱ ተፈሰሰ፤ ትኩስ ዘይት ቆሻሻውን አንጠልጥሎ ይወጣል። ፊልትሮው ተቀየረ፣ ወንፊቱ በቤንዚን ታጠበ። 1.1 ሊትር 20W-50፣ MA2 ተሞላ። ሞተሩ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ጠፋ፤ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ በመመልከቻው መስታወት ሲታይ በሁለቱ መስመሮች መካከል ነበር። በጎን መቆሚያው አጋድሎ ማየት ሁልጊዜ ያሳስታል፤ ጎደለ ተብሎ ይጨመርና ይተርፋል። የተረፈ ዘይት በማርሹ ይመታና አረፋ ይሠራል፣ በማስተንፈሻው ወጥቶም የአየር ማጣሪያውን ያበላሻል።

መንሸራተቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ አሮጌው ዘይት በዲስኮዎቹ ውስጥ ዘልቋል። 300 ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ በዚያው ዓይነት አዲስ ዘይት ለሁለተኛ ጊዜ ተቀየረ። አሁንም በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ይስት ነበር። የፍሪሲዮኑ ክዳን ሲከፈት ዲስኮዎቹ ውፍረታቸው ብዙ ባይጎድልም ፊታቸው ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ጣት ሲያልፍባቸው ሸካራነት የለም። ከመሐላቸው ካሉት የብረት ሰሌዳዎች አንዱ ላይ ከቃጠሎ የመጣ ሰማያዊ ቀለም ታየ። ዲስኮዎቹ ተለወጡ፣ ሰማያዊው ብረትም አብሮ ተጣለ። አዲሶቹ ዲስኮዎች ከመገጠማቸው በፊት በዚያው 20W-50 ውስጥ ተነክረው አደሩ፤ በደረቁ ከተገጠሙ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይቃጠላሉ። ከዚህ በኋላ አራቱን ጀሪካን ይዞ ዳገቱን ወጣ።

ዘይቱ ቀደም ብሎ ቢታወቅ ኖሮ የዲስኮው ወጪ አይኖርም ነበር። መንሸራተት በተጀመረ ሳምንት ዘይት ቢቀየር ዲስኮዎች ብዙ ጊዜ ይመለሳሉ፤ ፊታቸው ከተጠበሰ በኋላ ግን የሚያድናቸው ዘይት የለም።

ዘይቱ የት ይሄዳል?

ሁለተኛው ችግር፣ የዘይት መጉደል፣ በወፍራም ዘይት ይድናል ብሎ ባለቤቱ ተስፋ አድርጎ ነበር። በ500 ኪሎሜትር 300 ሚሊሊትር ይጎድል የነበረው ወደ 200 ወረደ። መቀነሱ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ አልተነካም።

ሞተሩ ከታች የሚያፈስበት ቦታ አልነበረም። ነዳጅ ሲሰጠው ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ጭሱ የሚታየው ነዳጅ ሲሰጥና ሲጎትት ከሆነ ጥርጣሬው ፒስተኑን ወደሚከቡት የብረት ቀለበቶች፣ ወደ ፋሻዎቹ ነው፤ ቆሞ አድሮ ሲነሳ ወይም ቁልቁል ነዳጅ ተለቆ ሲወርድ ብቻ ከሆነ ወደ ባልቦላ ጎሚኒዎቹ። ለማረጋገጥ ካንዴላው ወጥቶ ግፊቱ ተለካ፤ ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ገብቶ እንደገና ተለካ። ግፊቱ በግልጽ ከፍ አለ። ዘይቱ ለጊዜው የደፈነው ክፍተት ፋሻው ጋ ያለ ክፍተት ነው ማለት ነው።

ፋሻው ለምን በዚህ ፍጥነት አለቀ? መልሱ የተገኘው በአንድ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ነው። ከአየር ማጣሪያው ወደ ካርቡራተር የሚሄደው ጎማ ቱቦ ተፈቶ ውስጡ በጨርቅ ሲጠረግ ቡናማ አቧራ ይዞ ወጣ። ከማጣሪያው በኋላ ያለ ቱቦ ውስጥ ምንም አቧራ መኖር የለበትም። ቱቦው ካርቡራተሩ ላይ የሚታሰርበት ፋሼታ ላልቶ ነበር፤ ስፖንጁ ማጣሪያም ጥግ ላይ ተቀዶ፣ ደረቅ ሆኖ ተቀምጧል። አሸዋ ውስጥ ያለው ሲሊካ ከፋሻውም ከሲሊንደሩም ብረት የጠነከረ ነው። በዘይት ውስጥ ገብቶ ሲዞር ዘይቱ ራሱ እንደ ሞረድ ይሆናል። ዘይት ምንም ያህል ቢወፍር ይህን አይከላከልም። ለዚህም ነው በአቧራ አገር ስለ ዘይት ስናወራ ማጣሪያውን ሳናነሳ ማለፍ የማንችለው።

አዲሱ ስፖንጅ በነጭ ጋዝ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ በመዳፍ ተጨምቆ፣ በጥላ ደረቀ። ከዚያ በሞተር ዘይት ተነክሮ ትርፉ እስኪወጣ ተጨመቀ፤ ሲነካ ወዝ እንጂ ጠብታ መኖር የለበትም። አቧራን የሚይዘው ወዙ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ደቃቁን ያሳልፋል። የወረቀት ማጣሪያ ላለው ሞተር ግን ዘይት ፈጽሞ አይቀባም፤ ይደፈናል። ቱቦው የሚገጥምበት ከንፈር ላይ ስስ ግራሶ ተቀባና ፋሼታው ጠበቀ። በአሸዋማ ሥራ ስፖንጁ በየሳምንቱ ይታጠባል።

ዘይቱም በቶሎ ይቀየራል። መመሪያ መጽሐፉ በ5,000 ኪሎሜትር ቢልም፣ በዚህ አቧራና ጭነት ከ2,000 እስከ 2,500 እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ በፊት ማወቅ ለሚፈልግ፦ አንድ ጠብታ ያገለገለ ዘይት በሁለት ጣት መካከል ይታሽ። መጥቆሩ ብቻውን ምንም አይደለም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚቆረጥም ነገር ከተሰማ ግን ዘይቱን በቶሎ መቀየር፣ የአየሩን መንገድም እንደገና መፈተሽ ነው።

መሪው፣ ጎማውና ካቴናው

የመሪው አንገት ሲፈታ የብረት ብዮቹ ሊደርቁ ምንም አልቀራቸውም። ቀድሞ የተቀባው በኪሎ ተመዝኖ የሚሸጥ ቢጫ የካልሲየም ግራሶ ነበር፤ ዘይቱ ከሳሙናው ተለይቶ ወርዷል፣ የቀረው ከአሸዋ ጋር ተጋግሮ ቡናማ ቅርፊት ሆኗል። ተራ የካልሲየም ግራሶ ውሃ ይችላል፣ ሙቀት ግን አይችልም፤ 100 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ከ60 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ መሥራት የለበትም። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ብረት ብቻውን ወደዚያ ይጠጋል። የሊቲየም ግራሶ የሚቀልጠው 190 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ደግሞ ከ250 በላይ ይችላል።

ዕቃው ላይ ስም ከሌለ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ግራሶ በብረት ማንኪያ ላይ አድርጎ የማንኪያውን ሆድ የፈላ ውሃ ላይ አስነክቶ መያዝ ይቻላል። የካልሲየሙ ይላላል፣ ዘይቱንም ይለቃል፤ የሊቲየሙ ቅርፁን ይዞ ይቆያል።

ስለ ግራሶ ቁጥር የተለመደ ስሕተት አለ። «አገሩ ሞቃት ነውና ጠንካራውን ቁጥር 3 ስጠኝ» ይባላል። ቁጥሩ ግን ግራሶው በ25 ዲግሪ ምን ያህል እንደሚለሰልስ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሙቀት ስለመቻሉ ምንም አይልም። ቁጥር 3 የሆነ የካልሲየም ግራሶ ሎጊያ ላይ ይላላል፤ ቁጥር 2 የሆነ የሊቲየም ኮምፕሌክስ አይነቃነቅም። ለዚህ ሞተር ሳይክል የተመረጠው ቁጥር 2 ሊቲየም ኮምፕሌክስ ነው። አሮጌው ግራሶ በነጭ ጋዝ ፈጽሞ ታጥቦ ወጣ፤ የተለያዩ ሳሙናዎች ሲቀላቀሉ አንዳንዴ ሁለቱም ቀልጠው እንደ ውሃ ይፈሳሉ።

መጠኑ እንደ ቦታው ይለያያል። መሪው ቀስ ብሎ ስለሚዞር ብዮቹ ያሉበት ቦታ በሙሉ በግራሶ ተሞላ፤ ሙላቱ ራሱ አቧራ መከልከያ ነው። የጎማው ኩሽኔታ ግን በፍጥነት ይዞራል፤ ከሞላ ግራሶውን እየበጠበጠ ይግላል። ክፍት ኩሽኔታ ከሆነ በብዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሞላል፣ ከውጭ ያለው ባዶ ቦታ እስከ ሲሶው ይበቃዋል። እዚህ ግን ኩሽኔታዎቹ በመለወጣቸው በሁለቱም በኩል የጎማ ክዳን ያላቸው፣ 2RS የሚል የተጻፈባቸው ተመረጡ፤ ZZ የሚሉት የብረት ክዳን ያላቸው ስለሆኑ ደቃቅ አቧራ ያስገባሉ። የፍሬን ሸራ መክፈቻው ዘንግ የምስር ፍሬ የምታህል ብቻ ተቀባ። ከዚያ ካለፈ ሸራው ላይ ይደርሳል፤ ግራሶ የነካው ሸራ ደግሞ አይታጠብም፣ ይለወጣል።

ካቴናው ላይ ግራሶ ተለጥፎበት ነበር። ይህ በአሸዋ አገር ካቴናና ፒኞን የሚጨርስ ልማድ ነው፤ ግራሶው ወደ ፒኖቹ ውስጥ አይገባም፣ ከውጭ ተለጥፎ አሸዋ ይሰበስባል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ ደረቀ። ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ ገና ትኩስ እያለ፣ የካምቢዮ ዘይት 90 በውስጥ በኩል በየመገጣጠሚያው ጠብ ጠብ ተደረገ። አድሮ ጠዋት የውጭው በጨርቅ ተጠረገ፤ እጅ ሲነካው ጥቂት ወዝ እንጂ የሚያጣብቅ ነገር እስከማይቀር ድረስ።

ከ2,000 ኪሎሜትር በኋላ ሞተር ሳይክሉ ለዘይት ቅያሬ ሲመለስ ፍሪሲዮኑ አይስትም፣ መሪው በነጻ ይዞራል፣ ነጩ ጨርቅም ከቱቦው ንጹሕ ሆኖ ወጣ። የዘይት ጉድለቱ ግን በ500 ኪሎሜትር 200 ሚሊሊትር ላይ እንደቆመ ነው። አልጨመረም፤ አሸዋው መግባት አቁሟልና። አልቀነሰም፤ ያለቀ ፋሻ አይመለስምና። ሲሊንደሩ ተለክቶ ፋሻ እስኪገባለት ድረስ ባለቤቱ ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርጎ አቁሞ መስታወቱን ያያል፤ ከታችኛው መስመር ሲጠጋ ያንኑ ዘይት ይጨምራል።